«ሰዓቱ በእኛ ነው በእነሱ?» ዶሃ ላይ ለተጎዳው እጄ ካሳ የጠየቅኩበት ደብዳቤ

እጄ የተጎዳው ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ዶሃ ውስጥ ሰናያ በምንለው የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ለሆቴሎች አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ እሠራ ነበር። አንሶላ የሚተኩሰው ማሽን የጋሉ ትልልቅ ሮለሮች አሉት። እርጥቡን አንሶላ በአንድ በኩል ታስገቢያለሽ፣ በሌላው በኩል ደርቆና ተተኩሶ ይወጣል። መግቢያው ላይ እጅ ሲነካው ማሽኑን የሚያቆም ብረት አለ። የእኛ ማሽን ላይ ያ ብረት በሽቦ ታስሮ ነበር። ቶሎ ቶሎ እያቆመ ሥራ ያጓትታል ተብሎ ነው። የአንሶላው ጫፍ ተጠቀለለና ቀኝ እጄን ይዞት ገባ።

ስለ ሕመሙ ብዙ አልጽፍም። ልጽፍ የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ስላደረግኩት ነገር ነው። ብዙ እህቶችና ወንድሞች ካሳ እንደሚገባቸው ሳያውቁ ትኬት ተቆርጦላቸው ሲመለሱ አይቻለሁ። እኔም ከእነሱ አንዷ ለመሆን አንድ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረኝ።

አደጋው እንደደረሰ አምቡላንስ አልተጠራም። የድርጅቱ ሹፌር ወደ አንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ ወሰደኝና እጄን አሽገው ወደ ማደሪያዬ መለሱኝ። በማግስቱ እጄ ሲያብጥ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች 999 ደወሉ። ሐማድ ሆስፒታል ገብቼ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ከጭኔ ቆዳ ተወስዶ እጄ ላይ ተለጠፈ። እዚያው ሳለሁ ፖሊስ መጥቶ ቃሌን ተቀበለ። የእኔ እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው፤ ሕመምም ላይ ነበርኩ። ያኔ የተናገርኩት አንዲት ቃል ኋላ ላይ ልታጠፋኝ ነበር።

መጋቢት ላይ የድርጅቱ መንዱብ፣ ማለትም የወረቀት ጉዳይ የሚያስፈጽመው ሰው፣ ማደሪያዬ ድረስ መጣ። 3,000 ሪያል፣ የአውሮፕላን ትኬትና በዐረብኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ይዟል። «ፈርሚ፣ ሐሙስ ትበሪያለሽ፤ አገርሽ ገብተሽ ታከሚ» አለኝ። ደመወዜ ሁለት ወር በግማሽ ከተከፈለኝ በኋላ ቆሞ ስለነበር 3,000 ሪያል ብዙ መሰለኝ። ደግነቱ ማታ አዲስ አበባ ላለው ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። እሱ ከሳውዲ ተመልሶ ከላከው ኤጀንሲ ጋር ሲከራከር ጠበቃ ይዞ ነበር። «ምንም እንዳትፈርሚ፤ ለጠበቃዬ ጻፊላቸው» አለኝ።

የዚያኑ ሌሊት በግራ እጄ እየነካካሁ በስልኬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሦስት ገጽ ይሞላ ነበር። እናቴ እንዳልሰማች፣ ቤት ኪራይ የምከፍለው እኔ እንደሆንኩ፣ አለቃዬ እንዴት እንደሚጮህብን ሁሉ አለበት። አደጋውን የሚመለከተው ግን ይህች ብቻ ነበረች፦ «ከጥምቀት በፊት ከቀኑ 4 ሰዓት ከ40 ላይ ማሽን እጄን በላው። ካሳ ይገባኛል ወይ? እባክዎ ይርዱኝ።»

ጠበቃዋ በሁለተኛው ቀን መለሱልኝ። «እህቴ፣ በጣም አዝኛለሁ። እግዚአብሔር ይማርሽ። ደብዳቤሽን ግን እንደገና ጻፊልኝ» ይላል። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር እንድጽፍ ነገሩኝ። ማሽኑ ምን እንደነበር፣ ማን አጠገቤ እንደነበረ፣ መጀመሪያ የት እንደታከምኩ ጠየቁኝ። ያለኝን ወረቀት ሁሉ፣ የማላነበውንም ጭምር፣ በጀርባውም በፊቱም ፎቶ አንስቼ እንድልክ አዘዙ። መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ «4 ሰዓት ከ40 ያልሽው በእኛ ነው በእነሱ?»

ያቺ ጥያቄ ናት ነገሩን የገለጠችው። ለፖሊሱም የተናገርኩት «ፎር ፎርቲ» ብዬ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40 በእነሱ 10፡40 ነው። ፖሊሱ ግን ከሰዓት በኋላ 4፡40 ብሎ መዝግቦታል። የእኔ ፈረቃ በእነሱ ከ6፡00 እስከ 15፡00 ነበር። ስለዚህ በፖሊስ ወረቀቱ መሠረት የተጎዳሁት ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ነው። የግል ክሊኒኩ ወረቀት ደግሞ የባሰ ነበር። የመጣሁበት ምክንያት «ቤት ውስጥ በሙቅ ውኃ መቃጠል» ይላል። እኔ እንዲህ አላልኩም። ለክሊኒኩ የተናገረው ሹፌሩ ነበር። ያን ወረቀት ሁለት ወር ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስዞር ምን እንደሚል አላወቅኩም።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ስጽፍ የላውንደሪው ባልደረቦቼ ረዱኝ። እንደ ወረደ አስቀምጠዋለሁ፤ ስም ብቻ አውጥቻለሁ።

«ይድረስ ለተከበሩ ጠበቃ፦

እኔ የደንበኛዎ የአክስት ልጅ ነኝ። ኳታር፣ ዶሃ፣ ላውንደሪ ውስጥ የሚሠራ የድርጅት ሠራተኛ ነኝ እንጂ የቤት ሠራተኛ አይደለሁም። ባጣቃዬ፣ ማለትም የመኖሪያ መታወቂያዬ፣ ላይ ያለው አሠሪና ውሌ ላይ ያለው አሠሪ አንድ ነው። ደመወዜ የምግቡን ጨምሮ 1,300 ሪያል ነው። ማደሪያ ድርጅቱ ሰጥቶኛል።

የተጎዳሁት ማክሰኞ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 17 ቀን 2023 ነው። ሰዓቱ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40፣ በእነሱ 10፡40 ነው። ጠዋት ስገባ የጣት አሻራ ሰጥቻለሁ። አሻራው 5፡52 ላይ እንደተመዘገበ በድርጅቱ አፕ ላይ ይታያል፤ ፎቶውን ልኬያለሁ። ክሊኒኩ የሰጠኝ ደረሰኝ ላይ 11፡20 ይላል። አጠገቤ አንዲት ኬንያዊትና አንድ ኔፓላዊ ነበሩ። ሁለቱም እዚያው እየሠሩ ናቸው፤ ስልካቸውን ይዣለሁ።

የማሽኑ መከላከያ ብረት በሽቦ ታስሮ እንደነበር ኬንያዊቷ በዚያው ቀን ፎቶ አንስታለች። ከአደጋው አንድ ሳምንት በፊት ሱፐርቫይዘሩ በዋትስአፕ የላከልን ድምፅ አለ። ሽቦውን እንዳንፈታ ያዝዛል።

ጥያቄዬ አራት ነው። ሕክምናዬ ሳያልቅ ሊልኩኝ ይችላሉ ወይ? ካሳው የሚታሰበው በደመወዜ ነው ወይ? ጥፋቱ የአንቺ ነው ቢሉኝ ምን ይሆናል? አገሬ ገብቼ በእርስዎ በኩል መክሰስ እችላለሁ ወይ?»

መልሳቸውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እዚህ ላይ የማስቀምጠው በራሴ አባባል ነው።

ስለ ሕክምናው የኳታር የሠራተኛ ሕግ፣ ማለትም የ2004 ሕግ ቁጥር 14፣ ግልጽ ነው አሉኝ። ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ የሚታከመው በአሠሪው ወጪ ነው። በሕክምና ላይ እያለ እስከ ስድስት ወር ሙሉ ደመወዝ ያገኛል። ከስድስት ወር ካለፈ እስኪድን ወይም ጉዳቱ ቋሚ መሆኑ እስኪረጋገጥ ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል። ስለዚህ ለእኔ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በግማሽ መክፈላቸውም፣ ከዚያ ማቆማቸውም ስህተት ነበር።

በጣም የገረመኝ የካሳው አሰላል ነው። እኔ ደመወዜ ትንሽ ስለሆነ ካሳውም ትንሽ ይሆናል ብዬ ነበር። በኳታር ሕግ ግን መነሻው ደመወዝ አይደለም። ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ቢሞት ለወራሾቹ የሚከፈለው 200,000 ሪያል ነው። ቋሚ ጉዳት የደረሰበት ሰው ደግሞ የጉዳቱ መቶኛ ከዚያ ላይ ተሰልቶ ይሰጠዋል። ጠበቃዋ «የሥራ አስኪያጁም እጅ የአንቺም እጅ እዚያ ሒሳብ ውስጥ እኩል ነው» ብለው ጻፉልኝ። ስለዚህ ዋናው ነገር በመጨረሻው የሕክምና ሪፖርት ላይ የምትጻፈው መቶኛ ናት። እሷ ሳትጻፍ ካሳ ብሎ የሚጠየቅ ነገር የለም። መንዱቡ ትኬት ይዞ የተጣደፈውም ለዚህ ይመስለኛል። ሳልድን ብሄድ መቶኛው አይወጣም ነበር።

ጥፋቱ የአንቺ ነው ስለሚባለው ነገር ሕጉ አሠሪውን ነፃ የሚያወጣባቸው ሁኔታዎች እንዳሉ አስረዱኝ። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ሰክሮ ወይም ዕፅ ወስዶ ከነበረ፣ የደህንነት መመሪያን በከባድ ሁኔታ ከጣሰ፣ ወይም ያለ በቂ ምክንያት ሕክምና እምቢ ካለ ካሳ ሊያጣ ይችላል። ድርጅቱ «መከላከያውን ያሰረችው እሷ ናት» ሊል እንደሚችል አስቀድመው ነገሩኝ። እንዳሉትም ሆነ። ያ የድምፅ መልእክት ስልኬ ላይ ባይኖር ምን እንደምመልስ አላውቅም። መልእክቱን ወደ ሌላ ስልክና ወደ ኢሜይሌ እንድልከው፣ የመጣበትን ቻትም እንዳላጠፋው አስጠነቀቁኝ።

አራተኛው ጥያቄዬ ላይ መልሳቸው ግልጽ ነበር። እሳቸው አዲስ አበባ ሆነው ዶሃ ላይ መቆም አይችሉም። አገር ቤት ሊሠሩ የሚችሉት በኤጀንሲው ላይ ነው። በእኛ አገር የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923/2008፣ ሠራተኛውን የላከው ኤጀንሲ የውሉ መብት ሲጣስ ከአሠሪው ጋር በአንድነት ተጠያቂ ነው። ለዚያም ኤምባሲ ሄጄ ውክልና ሰጠኋቸው። «የግድ መሄድ ካለብሽ እንኳ ዶሃ ላይ የሚከታተልልሽ ሰው ወክለሽ ሂጂ። ከዚህ ሆነሽ ውክልና ለመላክ ሰነዱ በየመሥሪያ ቤቱ እየተረጋገጠ ነው የሚደርሰው፤ ጊዜ ይበላል» አሉኝ። ጊዜ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ካሳ የመጠየቅ መብት ቋሚ ጉዳቱን የሚያረጋግጠው የመጨረሻ ሪፖርት ከወጣበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ይቀራል።

መንዱቡ ያመጣውን የዐረብኛ ወረቀትም ፎቶ ልኬላቸው ነበር። የተናዙል ወረቀት ነው። ሁሉንም መብቴን ተቀብዬ ጨርሻለሁ፣ ምንም አልጠይቅም ይላል። በሕጉ ሠራተኛ ሕግ የሰጠውን መብት የሚተውበት ስምምነት ዋጋ የለውም። ሆኖም ጠበቃዋ እንዳሉት «ተቀብያለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው አልተቀበልኩም ብሎ ማስረዳት ሊከብደው ነው። ከእኔ በፊት የፈረማችሁ ካላችሁ ነገሩ አለቀ ብላችሁ አትተዉት። ያልፈረማችሁ ግን በማታነቡት ቋንቋ ላይ አትፈርሙ።

መጀመሪያ ያስተካከልነው የፖሊሱን ሰዓት ነው። ከኬንያዊቷ ጋር ጣቢያ ሄጄ ተጨማሪ ቃል ሰጠሁ። የአሻራውን ሰዓትና የክሊኒኩን ደረሰኝ አያይዤ አቀረብኩ። ያ ሐሰት የተጻፈበት የክሊኒክ ወረቀት በዚህ በኩል ጠቀመኝ። 5፡52 ላይ ሥራ የገባ ሰው፣ ፈረቃው ሳያልቅ 11፡20 ላይ በድርጅቱ መኪና ክሊኒክ ከደረሰ፣ ቤቱ በሙቅ ውኃ ተቃጠለ ማለት አይቻልም። ሐማድም ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ለሐኪሞቹ «ሥራ ላይ፣ ማሽን» ብዬ ስለነበር ፋይሌ ላይ እንደዚያ ተጽፏል። የሕክምና ፋይላችሁን ቅጂ ጠይቁ። ስለ አደጋው ምክንያት ምን እንደተጻፈ ሰው አስነብቡ።

ሕክምናዬ ሰባት ወር ወሰደ። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ነበረኝ፤ ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ። ሲያልቅ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ወረቀት «ሕክምና ጨርሳለች፣ ቀላል ሥራ መሥራት ትችላለች» የሚል ነበር። ደስ ብሎኝ ለጠበቃዋ ላክሁላቸው። እሳቸው ግን «መቶኛው የታለ?» አሉኝ። ወረቀቱ ስለ ቋሚ ጉዳት አንድም ቃል አልነበረውም። እንደገና አመልክቼ በሕክምና ኮሚሽን ታየሁ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፉ ለኩ፣ የመጨበጥ አቅሜን ፈተሹ። ሪፖርቱ ነሐሴ 14 ቀን 2015፣ በፈረንጅ ኦገስት 20 ቀን 2023 ወጣ። የቀኝ እጅ ቋሚ ጉዳት፣ 15 በመቶ።

ሒሳቡን ጠበቃዋ እንዲህ ሠሩልኝ። የ200,000 ሪያል 15 በመቶ 30,000 ሪያል ነው። ደመወዝ ደግሞ ለስድስት ወር ሙሉው 7,800፣ ለሰባተኛው ወር ግማሹ 650፣ በድምሩ 8,450 ይሆናል። ከዚህ የተከፈለኝ 1,300 ሲቀነስ 7,150 ይቀራል። ጠቅላላው 37,150 ሪያል ነው። ይህ ቁጥር በእጄ መኖሩ ብዙ ረዳኝ። ለሥራ ሚኒስቴር አቤቱታ ሳቀርብ «የሚገባኝ ይሰጠኝ» ብዬ አይደለም የሄድኩት። በአንድ ገጽ ላይ ቀኖቹንና ሒሳቡን በዐረብኛ አስጽፌ ነው።

ሚኒስቴሩ መጀመሪያ ሁለታችንንም ጠርቶ ለማስማማት ይሞክራል። ድርጅቱ 12,000 አቀረበ። ፈተና ነበር፤ ከሚያዝያ ጀምሮ የምበላው በጓደኞቼ ብር ነበር። እምቢ አልኩ። ስላልተስማማን ጉዳዩ ዳኛ ወደሚመራው የሠራተኞች ክርክር ፈቺ ኮሚቴ ተላለፈ። ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። በወረቀት ላይ ኮሚቴው ከመጀመሪያው ቀጠሮ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይወስናል ይላል። የእኔ ጉዳይ ግን አስተርጓሚ ስላልተገኘ አንድ ጊዜ፣ ድርጅቱ ስላልቀረበ ሌላ ጊዜ ተቀጥሮ ከዚያ በላይ ወሰደ። የድምፅ መልእክቱ ሲሰማ ግን ክርክሩ አጠረ። ውሳኔው ሙሉ 37,150 ሪያል ሆነ። ብሩ አካውንቴ የገባው ውሳኔውን ለማስፈጸም ሌላ ማመልከቻ ካስገባሁ በኋላ፣ ለገና ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው።

ካሳው የማይሸፍነውን ደግሞ ልንገራችሁ። ለሕመሙ፣ ለጠባሳው፣ ከዚህ በኋላ ለማጣው ሥራ ተብሎ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የተጨመረ ነገር የለም። እንደ እኔ በእጇ ለምትኖር ሴት 15 በመቶ የሚለው ቁጥር ከኑሮዋ ጋር አይገናኝም። ሊጥ ማቡካት አልችልም። የኤጀንሲው ጉዳይ ገና አልተቋጨም፤ ጠበቃዋ ይዘውታል።

የቤት ሠራተኛ የሆናችሁ ብዙ ጊዜ «ያ ሕግ ለእኛ አይሠራም» ትላላችሁ። ኳታር ላይ የቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የ2017 ሕግ ቁጥር 15 ነው። ስለ ሥራ ላይ ጉዳት ግን በሠራተኛ ሕጉ መሠረት ካሣ ይከፈላል ብሎ ወደዚያው ይመራል። ልዩነቱ ማስረጃው ላይ ነው። ቤት ውስጥ የጣት አሻራ የለም፣ የሥራ ባልደረባም የለም። ስለዚህ ለሐኪሙ በራስሽ አፍ የምትናገሪው የመጀመሪያ ቃል፣ በዚያው ቀን ለጓደኛሽ የምትልኪው ፎቶና ድምፅ ትልቅ ቦታ አላቸው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከደረጃ ላይ መስኮት ስትወለውል ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። እመቤቷ ለሐኪሙ «መታጠቢያ ቤት ተንሸራታ ነው» ብላለች። እየተንሰቀሰቀች «8 ሰዓት ላይ ነው የወደቅኩት» አለችኝ። በእኛ ነው በእነሱ ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች፤ ከዚያ ወረቀቶቹን ፎቶ አንስታ መላክ ጀመረች።